ሦስት ሰዓት ከአሥር የቱ ነው? ለወንጀል ልቦለድ ደራሲ ስለ ጊዜ መፋለስ እንዴት እንደሚጻፍ

የወንጀል ልቦለድ ረቂቅ የሚያነብ አርታኢ አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም። ገዳዩ ሰው ገደለ በተባለበት ሰዓት ገና መንገድ ላይ ነው፤ ወይም ከደሙ የነጻው ሰው በምን እንደነጻ ሲቆጠር አይገኝም። ክፍተቱን ማየት ከባድ አይደለም። ከባዱ ደራሲው አንብቦ «ልክ ነዎት፣ የት ላይ እንደምጀምር አውቃለሁ» የሚልበት ደብዳቤ መጻፍ ነው። «ሰዓቱ አልገጠመልኝም፣ እንደገና ይመልከቱት» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ደራሲ ሦስት መቶ ገጽ ይዞ ይቀመጣል፤ ብዙውን ጊዜም ደህናውን ነክቶ የተበላሸውን ይተዋል።

ይህ መመሪያ የሚከተለው አንድ ረቂቅ ነው። ታሪኩ መቱ ላይ ይፈጸማል፤ ረቂቁን ያሰናዳሁት ለማሳያ ነው፣ መንገዱና ወቅቱ ግን የኢሉባቦር ናቸው። ኢሉባቦር ለአማርኛ ልቦለድ እንግዳ አይደለም፤ በዓሉ ግርማ የተወለደው እዚያው ሱጴ ነው፣ «ሀዲስ»ንም ያስኬደው በዚያው አገር ነው። የመቱ አንባቢ ከበደሌ መቱ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ያውቃል፤ አርታኢው ያለፈውን እሱ አያልፈውም።

የረቂቁ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ዘመኑ 2016 ነው። ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት ጠዋት፣ አንድ የቡና ነጋዴ መቱ ውስጥ በገዛ መጋዘኑ ተገድሎ ይገኛል። የሚጠረጠሩት ሁለት ናቸው፦ የንግድ ሸሪኩና የጭነት መኪናው ሾፌር። መርማሪው ሸሪኩን ነጻ ያደርገዋል፤ በመጨረሻም ሾፌሩ ይናዘዛል።

1. ደብዳቤውን ሳይጀምሩ የሰዓት መዝገብ ያውጡ

የሚያስፈልግዎ የታተመ ረቂቅ፣ ባለመስመር ደብተርና የሁለቱንም አቆጣጠር ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ ካላንደር ነው። ረቂቁን በስልክ ወይም በኮምፒውተር ብቻ ካነበቡ ገጾችን ወደኋላና ወደፊት እያገላበጡ ማስተያየት ስለሚያስቸግር ያሳትሙት።

ሰዓት፣ ቀን፣ ርቀት ወይም «ትንሽ ቆይቶ» የሚል ቃል ባገኙ ቁጥር አንድ መስመር ይጻፉ። በመስመሩ ላይ ገጹ፣ የደራሲው ቃል እንዳለ፣ እና ይህን ማን እንደተናገረው ይኑር። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ዋናው ግን እሱ ነው። ተራኪው የተናገረው ሰዓትና ተጠርጣሪው የተናገረው ሰዓት እኩል አይታመኑም። ከረቂቁ የወጣው መዝገብ ይህን ይመስላል፦

ገጽ 41፦ ጎረቤቲቱ ኅዳር 11 ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነጋዴው መጋዘኑ ውስጥ ሲገባ አየች። (ምስክር)
ገጽ 58፦ ሾፌሩ በዚያው ምሽት በ3 ሰዓት ከበደሌ ተነሣ። (የሆቴል ዘበኛ)
ገጽ 74፦ ሸሪኩ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ጎሬ ለቅሶ ቤት ነበር። (ብዙ ሰው)
ገጽ 97፦ የሟቹ የመጨረሻ የስልክ ጥሪ፣ ለሚስቱ፣ 21/11/2023፣ 03:10። (የስልክ መዝገብ)
ገጽ 112፦ ሐኪሙ ኅዳር 12 ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሬሳው ሙሉ በሙሉ ደርቆ አገኘው። (ሐኪም)
ገጽ 203፦ ሾፌሩ «ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገደልኩት» አለ። (ኑዛዜ)

መርማሪው ገጽ 97 ላይ «በሦስት ሰዓት ከአሥር በሕይወት ነበር፤ ሸሪኩ ግን ያኔ ጎሬ ነው» ብሎ ሸሪኩን ይተወዋል።

2. ሁሉንም ወደ አንድ ሰዓትና ወደ አንድ ካላንደር ያምጡ

በአማርኛ በሚጻፍ የወንጀል ልቦለድ አብዛኛው መፋለስ የሚወለደው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ይህን ደረጃ በእርጋታ ይሥሩት። ሰዎቻችን በአገራችን ሰዓት ይናገራሉ፤ የስልክ መዝገብ፣ የባንክ መልእክትና የካሜራ ምስል ግን በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጆች ቀን ነው የሚወጡት። ደራሲው ቀኑን በትክክል ለውጦ ሰዓቱን መለወጥ ከረሳ ማስረጃው ሌላ ነገር ይናገራል።

በገጽ 97 የሆነው ይህ ነው። ኅዳር 11 ቀን 2016 በፈረንጆች 21/11/2023 መሆኑ ልክ ነው። 03:10 ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር አይደለም፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ነው። ያውም ነጋዴው በተገደለበት ሌሊት ሳይሆን ለኅዳር 11 አጥቢያ ነው። ጎረቤቲቱ ነጋዴውን ያየችው ከዚህ ጥሪ አሥራ ሰባት ሰዓት ገደማ ዘግይታ ነው። ደራሲው ሊጽፍ የፈለገው 21:10 ነበር።

ሲለውጡ ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛው የቀን መለወጫ ነው። ስልክ ቀን የሚለውጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ሰው ግን ሌሊቱን ሁሉ እስኪነጋ «የማክሰኞ ሌሊት» እያለ ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ባለታሪኩ «ማክሰኞ ሌሊት በ9 ሰዓት» ሲል የስልኩ መዝገብ ረቡዕ ማለት አለበት። ሁለተኛው ጳጉሜን ነው። 2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት 2016 የገባው በመስከረም 12 የፈረንጆች ቀን ነው፤ እስከ የካቲት ድረስም ቀኖቹ ሁሉ አንድ ቀን ይገፋሉ። ኅዳር 12 በ2016 በኖቬምበር 22፣ ረቡዕ ዋለ፤ በ2017 ግን በኖቬምበር 21፣ ሐሙስ። ደራሲው ታሪኩን በአንድ ዓመት ለማሸጋሸግ ካሰበ የጥሪው ቀንም የሳምንቱ ቀንም አብረው ይፈርሳሉ። በቃል ከማስላት ይልቅ የዚያኑ ዓመት ካላንደር ያውጡ።

3. መንገዱንና ሰማዩን ይጠይቁ

ከበደሌ መቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በያዮና በሁሩሙ በኩል፣ በጫካና በጥምዝምዝ የሚያልፍ መንገድ ነው። ካርታ ላይ አስምሮ በቀጥተኛ መንገድ ፍጥነት ማካፈል የተለመደ ስሕተት ነው። መናኸሪያ ሄደው ወይም ደውለው ያንን መስመር በማታ የሚነዳ ሾፌር ይጠይቁ፤ ጥያቄዎም «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ሳይሆን «ማታ በዝናብ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይሁን። በረቂቃችን ሁለት ሰዓት ተኩልን ዝቅተኛ አድርገን ብንይዝ፣ በ3 ሰዓት የተነሣው ሾፌር መቱ የሚደርሰው ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በ4 ሰዓት መግደል አይችልም። ጎሬ ግን ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሸሪኩ ከ2 ሰዓት በኋላ ተነሥቶ በ3 ሰዓት ለቅሶ ቤት ለመገኘት ጊዜ አለው።

ሰማዩን በተመለከተ፣ በዚያ ወቅት መቱ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ አሥር ደቂቃ ያህል ዘግይታ። ኅዳር 11 ቀን 2016 ማታ ጨረቃዋ ግማሽ ሞልታ አልፋለች፤ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢም አልጠለቀችም። ደራሲው በ2 ሰዓት «ድቅድቅ ጨለማ» ካለ ደመና ይጨምርበት። ኅዳር የቡና ለቀማ ጊዜ ነውና መጋዘንና ማስጫ ያለ ጠባቂ አያድሩም፤ «በዚያ ሌሊት ጠባቂው የት ነበር?» የሚለውን መዝገብዎ ጠርዝ ላይ ይጻፉ።

4. ክፍተት ነው ወይስ የታቀደ ውሸት?

ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት ለራስዎ የሚመልሱት ጥያቄ ነው። የወንጀል ልቦለድ በውሸት ሰዓት ይኖራል፤ ደራሲው ሆን ብሎ የተከለውን ማታለያ «ስሕተት» ብለው ከጻፉለት እምነቱን ያጣሉ። ማጣሪያው ቀላል ነው። ያልገጠመውን ሰዓት የተናገረው ሰው የሚዋሽበት ምክንያት አለው ወይ? ውሸቱስ የሚገለጥበት ገጽ አለ ወይ? ሁለቱም ካሉ አይንኩት።

የገጽ 97 ጥሪ የመጣው ከስልክ መዝገብ ነው፤ መዝገብ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። መርማሪው ማንበቡን እንደተሳሳተ የሚያሳይ ገጽም እስከ መጨረሻው የለም። ሾፌሩም ሲናዘዝ የሚዋሽበት ምክንያት አልተሰጠውም። ስለዚህ ክፍተት ነው።

5. ሥሩን ከቅርንጫፉ ይለዩ

እዚህ ያሉት ሁለት መፋለሶች ናቸው፦ የጥሪው ሰዓትና የሾፌሩ መንገድ። የትኛው ይከፋል? መንገዱ ቶሎ ያስቃል፤ ሥሩ ግን ጥሪው ነው። ጥሪው ከወደቀ ሸሪኩን ነጻ የሚያደርግ ነገር አይቀርም። ሐኪሙም አያድነውም። ሬሳ መድረቅ የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ መላ አካሉን የሚይዘው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ ብርድ ሲሆን ይዘገያል። በጠዋቱ 1 ሰዓት ሙሉ በሙሉ የደረቀ ሬሳ በ2 ሰዓት ከሩብ ከተገደለ ሰው ጋርም፣ በ4 ሰዓት ከተገደለ ሰው ጋርም፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከተገደለ ሰው ጋርም ይስማማል። እናም አንባቢው «ሸሪኩ ገድሎት ወደ ጎሬ ቢሄድስ?» ብሎ ቢጠይቅ ረቂቁ መልስ የለውም። የወንጀል ልቦለድ ሁለት ገዳይ ሊኖረው ከቻለ መፍትሔው ፈርሷል።

ሐኪሙ አንድ ነገር ይከለክላል፤ ግድያው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ወዲያ መገፋት አይችልም። ይህን ይያዙት፣ በመፍትሔው ጊዜ ያስፈልጋል።

6. ደብዳቤውን ይጻፉ

አንድ ደብዳቤ ለአንድ ክፍተት ይሁን። በረቂቁ ውስጥ ሌላ ጉድለት አይተው ይሆናል፤ ለምሳሌ ተጠርጣሪው ሳምንት ሙሉ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ይቆያል፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ግን ከጉዞው ጊዜ ውጭ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። ደህና ነጥብ ነው፤ ለሌላ ደብዳቤ ያቆዩት። ሁለቱን አንድ ላይ ካጨቋቸው ደራሲው የሚቀለውን አርሞ የሚከብደውን ያሳድራል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ በመጀመሪያ የተበላሸው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር፤ ቀጥሎ ገጽ በገጽ ማስረጃው፤ ከዚያ በታሪኩ ላይ የሚያስከትለው፤ በመጨረሻ የሚቻሉት መውጫዎች ከነዋጋቸው። ምስጋና ካለዎት ከተያዘው ጉዳይ ጋር የተያያዘ ይሁን እንጂ የማጣፈጫ አይሁን። ዓረፍተ ነገሮቹ ስለ ገጹ ይናገሩ፤ «ተሳስተዋል» ከማለት «ገጽ 97 እንዲህ ይላል» ማለት ደራሲውን ወደ ጽሑፉ እንጂ ወደ ክርክር አይመራውም። እነሆ፦

*ይድረስ ለተከበሩ ደራሲ፣*

*ረቂቅዎን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ይህን የምጽፍልዎ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ በገጽ 97 ያለው የስልክ ጥሪ ሰዓት ሸሪኩን ነጻ አያደርገውም፣ የመጽሐፉ መፍትሔ ግን የቆመው በእሱ ላይ ነው።*

*መዝገቡ 21/11/2023፣ 03:10 ይላል። ይህ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10፣ ለኅዳር 11 አጥቢያ ነው። ጎረቤቲቱ ግን በገጽ 41 ነጋዴውን ያየችው ኅዳር 11 ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ጥሪው የመጨረሻው አይደለም፤ ነጋዴው ከ2 ሰዓት በኋላ በሕይወት እንደነበርም አያስረዳም። ያሰቡት 21:10 ይመስለኛል።*

*ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ሰዓት አለ። በገጽ 58 ሾፌሩ ከበደሌ የሚነሣው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ በገጽ 203 ግን በ4 ሰዓት መቱ ላይ ገደልኩ ይላል። መንገዱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል።*

*እንዳለ ከቀረ አንባቢው ሸሪኩ በ2 ሰዓት ከሩብ ገድሎ በ3 ሰዓት ጎሬ ደረሰ ሊል ይችላል፤ የሐኪሙ ቃልም አይከለክለውም። ሾፌሩ ደግሞ በተናዘዘበት ሰዓት መቱ አልነበረም።*

*የሚታዩኝ መውጫዎች ሦስት ናቸው። በሁሉም ቢሆን እውነተኛው ጥሪ 21:10 ይሁን።*

*አንደኛ፣ የኑዛዜውን ሰዓት ወደ ሌሊቱ 6 ሰዓት መግፋት። ከሐኪሙ ቃል ጋር ይስማማል። ዋጋው ገጽ 120 ነው፤ የሚካኤል ዋዜማ ስለሆነ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ወደ ማኅሌት የሚሄዱ ሰዎች በመጋዘኑ በር ያልፋሉ። ሾፌሩ እንዴት ሳይታይ ገባ?*

*ሁለተኛ፣ ሾፌሩ ከበደሌ በ1 ሰዓት እንዲነሣ ማድረግ። የ4 ሰዓቱ ግድያ ይቆማል። ዋጋው ዘበኛው ነው፤ በገጽ 57 ሥራ የሚገባው በ2 ሰዓት ስለሆነ ሲወጣ ሊያየው አይችልም፣ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።*

*ሦስተኛ፣ የ03:10ን ንባብ የመርማሪው ስሕተት አድርጎ ማስቀረት፣ በኋላ አንድ ሰው እንዲያርመው። በዚህ ላይ የመንገዱን ሰዓት ከላይ ካሉት በአንዱ ማስተካከል አይቀርም። ከሁሉ ብዙ ሥራ ያለው ይህ ነው፤ ከገጽ 97 እስከ 203 ያለው ምርመራ ይነካል።*

*እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ በገጽ 120 ያለው የማኅሌቱ ሌሊት ሳይነካ ይኖራልና። ምርጫው ግን የእርስዎ ነው። የሰዓት መዝገቤን አያይዣለሁ፤ ያላየሁት ገጽ ካለ ያመልክቱኝ።*

*ከአክብሮት ጋር*

ይህ ደብዳቤ የማያደርገውም ይታይ። አዲስ ትዕይንት ጽፎ አይልክም፤ የዘበኛውን ምትክ ምስክር አይፈጥርም። አርታኢ በደራሲው እጅ መጻፍ ሲጀምር ደራሲው ወይ ይቀበለዋል፣ ወይ ይቃወመዋል፤ ሁለቱም ለመጽሐፉ አይበጁም። ምርጫውን ከነዋጋው ማስቀመጥ ግን የአርታኢው ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ደራሲው በታሪኩ ውስጥ ሆኖ የገጽ 57ን ዘበኛ ላያስታውሰው ይችላል። የራስዎን ምርጫም አይደብቁ፤ ሦስት መንገድ አሳይቶ ዝም ያለ አርታኢ ደራሲውን በመስቀለኛ መንገድ ትቶት ሄዷል።

7. የታረመውን ሲቀበሉ

የታረመው ገጽ ብቻ ተልኮልዎ ከሆነ አይቀበሉ፤ ሙሉው ረቂቅ ይምጣ። መዝገብዎን እንደገና ከገጽ 1 ያስኪዱት፤ የቁጥሮቹን ብቻ ሳይሆን የቃላቱንም። ደራሲው 03:10ን 21:10 አድርጎ «ሌሊት የደወለላት» የሚለውን ቃል ትቶት ሊሆን ይችላል፤ ሚስቲቱ በገጽ 140 «ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ» ብላ ሊሆን ይችላል። በ3 ሰዓት ማን ተኝቶ ነበር? እንዲህ ያሉ ቀሪዎች ቁጥር ስለሌላቸው በፍለጋ አይገኙም፤ በንባብ ብቻ ናቸው የሚገኙት።

ሲጨርሱ የመዝገቡን ንጹሕ ቅጂ ለደራሲው ይስጡት፣ አንዱንም ለማተሚያ ቤት ለሚላከው ረቂቅ ኃላፊነት ላለበት ሰው ያስቀሩ። ከፊደል ለቃሚው እጅ 21:10 ወደ 12:10 ተዛውሮ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያመሳክረው ሰው በእጁ አንድ ወረቀት ያስፈልገዋል።